ኤፍፒኤስ ወይስ ሄርዝ? ለተኩስ ጌም ገንዘባችሁን የቱ ላይ ብታውሉት ይሻላል

ሁለት ተጫዋቾች እንውሰድ። የአንደኛው ኮምፒውተር ጠንካራ ነው፤ ካውንተር ስትራይክ 2 ሲጫወት በሰከንድ 200 ፍሬም ያወጣለታል። ሞኒተሩ ግን ተራ 60 ሄርዝ ነው። ሁለተኛው የተገላቢጦሽ ነው። 144 ሄርዝ ሞኒተር ገዝቷል፤ ኮምፒውተሩ ግን አርጅቷል፣ በዚያው ጌም ከ70 ፍሬም አያልፍም። ሁለቱም ጌሙ እጃቸው ላይ ልክ አልመጣላቸውም። ሁለቱም ያላቸው ገንዘብ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ነው። ምን ይግዙ?

መልሱ ለሁለቱ አንድ አይደለም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ነገር እየመሰሉት ስለሆነ መጀመሪያ እነሱን እንለያቸው።

ፍሬም ሬት የኮምፒውተሩ ሥራ ነው። ፕሮሰሰሩ ማን የት እንደቆመ፣ ጥይቱ የት እንዳረፈ ያሰላል። ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ያንን ይዞ ምስሉን ይስላል። በአንድ ሰከንድ ስንት ምስል ተስሎ አለቀ? ኤፍፒኤስ የሚባለው ያ ነው። ይህ ቁጥር ይዋዥቃል። ባዶ ኮሪደር ውስጥ 250 የነበረው፣ ጭስ ተወርውሮ አምስት ሰው አንድ በር ላይ ሲገናኝ 120 ሊወርድ ይችላል።

ሪፍሬሽ ሬት የሞኒተሩ ነው። ስክሪኑን ከላይ ጀምሮ እስከ ታች በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደ አዲስ ይሞላል ማለት ነው። 60 ሄርዝ በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ይሞላል፣ 144 ሄርዝ በየ6.9፣ 240 ሄርዝ በየ4.2። ሞኒተሩ በተለመደው አሠራሩ ኮምፒውተሩን አይጠብቅም። አዲስ ምስል ከደረሰለት ያሳያል፤ ካልደረሰለት የነበረውን ይደግማል።

200 ፍሬም በ60 ሄርዝ

በዚህ ሞኒተር ላይ ከ60 በላይ ያለው ፍሬም ሁሉ ከንቱ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም፤ ይሄ ነጥብ ሰፋ ተደርጎ ሊታይ ይገባዋል።

ጌሙ የማውሳችሁን እንቅስቃሴ የሚያነበው አዲስ ፍሬም መሥራት ሲጀምር ነው። በ60 ኤፍፒኤስ ሁለት ፍሬሞች 16.7 ሚሊሰከንድ ይራራቃሉ። በ200 ኤፍፒኤስ ግን 5 ሚሊሰከንድ ብቻ። ስለዚህ ሞኒተሩ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ቢሞላም፣ የሚሞላበት ምስል ትኩስ ነው። እጃችሁ አሁን ያደረገውን ነው የምታዩት፣ ቅድም ያደረገውን አይደለም። ማውሱ ቀለል ይላል፣ ኢላማው እጃችሁን ይከተላል። ልዩነቱን ለማየት ኮንሶሉን ከፍታችሁ አንዴ በመጀመሪያው፣ አንዴ በሁለተኛው ትእዛዝ ተጫወቱ፤ ፍሬሙን የሞኒተሩን ተራ የሚያስጠብቀው ቪ-ሲንክ መጥፋቱን ብቻ አረጋግጡ።

```
fps_max 60
fps_max 0
```

የመጀመሪያው ፍሬሙን 60 ላይ ያቆመዋል፤ ሁለተኛው ገደቡን ያነሳዋል። ሞኒተሩ ያው ነው፣ የማውሱ ስሜት ግን ይለያያል።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። ሞኒተሩ ከላይ ወደ ታች እየሞላ ሳለ አዲስ ምስል መሀል ላይ ይደርስበታል። ከዚያች መስመር በታች አዲሱን ይሞላል። ስለዚህ በአንድ ሙሌት ውስጥ የሦስትና የአራት የተለያዩ ፍሬሞች ቁራጭ ተደራርቦ ይታያል። ጠላት በሩጫ ሲያቋርጥ ትከሻው ከወገቡ ዝንፍ ያለ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ቪ-ሲንክን ብታበሩ ይህ የምስል መሰንጠቅ ይጠፋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፍሬም የሞኒተሩን ተራ መጠበቅ ይጀምራል፣ ፍሬሙም 60 ላይ ይታሰራል፣ ማውሱ ይከብዳል። ለፈጣን ተኩስ ጌም እኔ መሰንጠቁን እመርጣለሁ።

ይህ ተጫዋች በምንም ቅንብር የማያስተካክለው አንድ ነገር አለ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ጥራት። ጠላት ስክሪኑን በሰከንድ 960 ፒክስል ፍጥነት ያቋርጣል እንበል። 1920 ፒክስል ስፋት ያለውን ስክሪን ከጫፍ ጫፍ በሁለት ሰከንድ ይጨርሳል ማለት ነው፤ እንግዳ ፍጥነት አይደለም። በ60 ሄርዝ ሞኒተር ላይ ይህ ሰው በእያንዳንዱ ሙሌት 16 ፒክስል ይዘላል። ራቅ ያለ ጠላት ጭንቅላት ደግሞ ከ16 ፒክስል ሊያንስ ይችላል። ማለትም ጭንቅላቱ ከራሱ ስፋት በላይ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ዓይናችሁ ሲከተለው ምስሉ በዚያው ልክ ይደበዝዛል። ሞኒተሩ 144 ሄርዝ ቢሆንና ፍሬሙም ቢደርስለት ዝላዩ ወደ 7 ፒክስል ይወርዳል። ያኔ ጭንቅላቱ ቅርጽ ይኖረዋል።

ስለዚህ ይህ ሰው ሞኒተር ይግዛ። ኮምፒውተሩን አይንካ። 200 ፍሬሙ 144ን አጥግቦ ይተርፋል።

70 ፍሬም በ144 ሄርዝ

ሁለተኛው ተጫዋች ሞኒተሩን ሲገዛ ሁሉም ነገር ይለሰልሳል ብሎ ጠብቆ ነበር። ዴስክቶፑ ላይ ለስልሷል፤ የማውሱ ቀስት እንደ ውሃ ይፈሳል። ጌሙ ውስጥ ሲገባ ግን ብዙም አልተለወጠም። ምክንያቱ ሞኒተሩ በሰከንድ 144 ጊዜ ቢሞላም የሚደርሰው አዲስ ምስል 70 ብቻ ስለሆነ ነው። አብዛኛውን ምስል ሁለት ሁለት ጊዜ ይደግማል። ከላይ ያልነው ጠላት በዚህ ስክሪን ላይ ወደ 14 ፒክስል ይዘላል። ከ60 ሄርዙ 16 ጋር ስታስተያዩት ያን ያህል ለውጥ አይደለም።

ያገኘው ጥቅም አንድ ነው። ፈጣን ሞኒተር አንዱን ምስል ከላይ እስከ ታች የሚሞላው በ6.9 ሚሊሰከንድ ነው። ዘገምተኛው 16.7 ይፈጅበታል። የኢላማው መስቀል ያለው ደግሞ መሀል ላይ ነው፤ እዚያ ለመድረስ አንዱ ወደ 3.5፣ ሌላው ወደ 8.3 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ትርፉ 5 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። እውነተኛ ትርፍ ነው፣ ግን የማውሱን ክብደት አያነሳለትም፤ ጌሙ አሁንም እጁን የሚያነበው በየ14.3 ሚሊሰከንዱ ነውና።

ስለዚህ ይህኛው ገንዘቡን ኮምፒውተሩ ላይ ያውል። የቱ ክፍል ላይ? ከመግዛቱ በፊት አንድ ሙከራ ያድርግ። የፍሬም ቆጣሪውን በ`cl_showfps 1` ይክፈት። ጭስና ተኩስ የበዛበት ቦታ ላይ ቁጥሩን ይያዝ። ከዚያ ሪዞሉሽኑን በጣም ዝቅ አድርጎ ያንኑ ይድገም። ቁጥሩ ተመንጥቆ ከወጣ ያነቀው ግራፊክስ ካርዱ ነው። እዚያው 70 ላይ ከተገተረ ግን ፕሮሰሰሩ ነው፤ የቱንም ያህል ውድ ግራፊክስ ካርድ ቢገዛ ለውጥ አያይም። ቅንብሩ ዝቅ ባለ ተፎካካሪ ተኩስ ጌም ውስጥ ቶሎ የሚያንቀው ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ነው። እግረ መንገዱን ራሙ አንድ ቁራጭ ብቻ መሆን አለመሆኑንም ይይ። ቦርዱ በጥንድ የሚሠራ ከሆነ ተመሳሳይ ሁለተኛ መጨመር ፕሮሰሰሩን ያግዘዋል፤ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ የሚረክሰው ማሻሻያም እሱ ነው።

ስትለኩ አማካዩን አትመኑ። አማካይ 150 እያለ ውጊያ ሲጀመር 80 የሚወርድ ኮምፒውተር፣ ሳይነቃነቅ 120 ላይ ከሚቆም ይብሳል። የምትሞቱት ቁጥሩ በወረደባት ቅጽበት ነው።

ሁለቱ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ

100 ፍሬም በ144 ሄርዝ ላይ የብዙዎቻችን ሁኔታ ነው። አንዱ ምስል አንድ ጊዜ ይታያል፣ ቀጣዩ ሁለት ጊዜ። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል። ጂ-ሲንክና ፍሪሲንክ የተሠሩት ለዚህ ነው። ሞኒተሩ የራሱን ሰዓት ትቶ ፍሬሙ ሲደርስ ይሞላል። መሰንጠቁም መንገጫገጩም አብሮ ይጠፋል፣ እንደ ቪ-ሲንክም አያከብድም። ፍሬሙ የሞኒተሩን ጣሪያ እንዳያልፍ ግን 144 ላይ 141 አድርጋችሁ ገድቡት። ፍሬማችሁ በ80ና በ140 መካከል የሚዋዥቅ ከሆነ ጂ-ሲንክ ወይም ፍሪሲንክ ያለው 144 ሄርዝ፣ ከሌለው 165 ሄርዝ ይሻላችኋል።

240 ሄርዝስ? ከ60 ወደ 144 ስትሄዱ በእያንዳንዱ ሙሌት ወደ 9.7 ሚሊሰከንድ ታተርፋላችሁ። ከ144 ወደ 240 ግን 2.8 ብቻ። በውጊያ መሀል እንኳ ፍሬማችሁ ከ240 ብዙ የማይርቅ ከሆነ ይገባል። ካልሆነ ትርፉን ለፕሮሰሰር አቆዩት። በዚህ ፍጥነት ደግሞ ፒክስሉ ራሱ ቀለም ለመቀየር ያለው ጊዜ 4.2 ሚሊሰከንድ ነው። ርካሽ ቪኤ ፓነሎች ጨለማ ቦታ ላይ አይደርሱበትም፤ ጥላ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ጥቁር ጭራ ይጎትታል። testufo.com ላይ ገብታችሁ ተንቀሳቃሹን ምስል በዓይናችሁ ተከተሉት፤ ከጀርባው ጭራ ካያችሁ ሣጥኑ ላይ ለተጻፈው 1 ሚሊሰከንድ ብዙ ቦታ አትስጡ።

ሻጮች የሚያሳዩት የኤፍፒኤስ ቁጥር ፍሬም ጀነሬሽን በርቶ የተለካ መሆኑንም ጠይቁ። ይህ ዘዴ በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መካከል ሌላ ፍሬም ይሰካል። እይታው ይለሰልሳል። ነገር ግን የተሰካው ፍሬም ማውሳችሁን አያነብም፤ ለመሰካትም ቀጣዩን እውነተኛ ፍሬም ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት። ለታሪክ ጌም ግሩም ነው። ለፈጣን ተኩስ ጌም 70ውን 140 አስመስሎ ያሳያችኋል፣ እጃችሁ ግን ያው 70 ላይ ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ወረድ ብሎ።

ሞኒተሩን ገዝታችሁ ስትሰኩት ዊንዶውስ በራሱ 60 ሄርዝ ላይ ሊተወው ይችላል። Settings > System > Display > Advanced display ገብታችሁ ራሳችሁ 144 ምረጡ። 144 ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ወደ መደብሩ ከመመለሳችሁ በፊት ገመዱን እዩት። በኤችዲኤምአይ በኩል ዝቅ ያለ ሄርዝ ብቻ የሚቀበሉ ሞኒተሮች አሉ፤ እነሱ ሙሉውን የሚሰጡት በዲስፕሌይፖርት ነው። ገመዱም የሚሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም።