የዱቤ ማስታወሻ አጭር መልእክት፦ የትኛው አጻጻፍ ለሱቅዎ ይሻላል?

በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴ ገንዘቡንም ደንበኛውንም ማጣት አይፈልግም። የመክፈያው ቀን ሲቃረብ በስልክ የሚልከው ማስታወሻ ሁለቱንም መጠበቅ አለበት። ሦስት አጻጻፎችን በአንድ ጉዳይ ላይ ላወዳድር፦ ደንበኛው ከግንባታ ዕቃ መደብር ሲሚንቶ ወስዷል፣ 18,400 ብር ይቀርበታል፣ ቀጠሮው ሐሙስ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።

የመጀመሪያው ይሉኝታ የበዛበት ነው።

«የተከበሩ ደንበኛችን፣ እንደምን ሰነበቱ? ከመደብራችን የወሰዱት ዕቃ ቀሪ ሂሳብ እንዳለ ለማስታወስ ያህል ነው። ሲመችዎት ጎራ ብለው ቢከፍሉን ደስ ይለናል። ስለ ደንበኝነትዎ እናመሰግናለን።»

ጨዋነቱ አያጠያይቅም፤ ስንት ብር እና እስከ መቼ የሚለው ግን የለም። «ሲመችዎት» የተባለ ሰው ባይከፍል ሊወቀስ አይችልም፤ ቀኑን የመቁረጥ መብት ሻጩ ራሱ ለእርሱ አሳልፎ ሰጥቶታል።

ሁለተኛው ቁጣ ነው።

«ያለብዎትን 18,400 ብር በአስቸኳይ ይክፈሉ። ካልከፈሉ ወደ ሕግ እንሄዳለን።»

ገንዘቡ ተጠቅሷል፣ ቀኑ አሁንም የለም። «በአስቸኳይ» ለሻጩ ዛሬ ነው፤ ለገዢው ደመወዝ ሲወጣ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮው ሳያልፍ መዛት ደግሞ ሊከፍል ያሰበውን ሰው ያስቀይማል። ዛቻው ሳይፈጸም ከቀረም ቀጣዩን መልእክት ከቁም ነገር የሚቆጥረው አይኖርም።

እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው።

«ጤና ይስጥልን። የሲሚንቶ ቀሪ 18,400 ብር እባክዎ እስከ ሐሙስ ጥቅምት 20 ይክፈሉ። ከፍለው ከሆነ ይደውሉ።»

እዚህ ጨዋነቱ በሰላምታው፣ በ«እባክዎ» እና በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ የከፈለ ሰው እንደ ባለዕዳ ተቆጥሮ እንዳይከፋው መውጫ ትሰጠዋለች። ጥንካሬው ያለው በቁጥሩና በቀኑ ላይ ስለሆነ ቃሉን ማክረር አላስፈለገም። የዕለቱ ስም አብሮ መጻፉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደንበኛው ቀን መቁጠሪያ ሳያይ ያስታውሰዋል። ወሩን በስሙ ይጻፉት። «20/2» ቢባል በፈረንጆች አቆጣጠር የሚሠራ ሰው ፌብሩዋሪ 20 ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ የእኛ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. በእነርሱ ኦክቶበር 30 ላይ ይውላል።

ርዝመቱንም ማነጻጸር ይገባል፤ በጅምላ መልእክት ለሚልክ ዋጋው ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በክፍል ነው። በፊደላችን የተጻፈ አንድ መልእክት 70 ምልክት ይይዛል፤ ክፍት ቦታና አራት ነጥብም ይቆጠራሉ። ካለፈ ወደ ክፍሎች ይከፋፈላል፣ እያንዳንዱ ክፍልም 67 ብቻ ይይዛል። የይሉኝታው መልእክት 118 ምልክት ስለሆነ ሁለት ክፍል ይሆናል። የቁጣው 49 ነው። ሦስተኛው ልክ 70 ነው፤ «ይደውሉ» የሚለውን «ይደውሉልን» ብንለው ብቻ ሁለት ክፍል ሆኖ ዋጋው እጥፍ ይሆናል።

በላቲን ፊደል ቢጻፍ አንዱ መልእክት 160 ይይዛል። ትርፉ ግን የሚመስለውን ያህል አይደለም፦ «ይክፈሉ» በእኛ አራት ፊደል ሲሆን በላቲን ሰባት ይወስዳል፣ ለማንበብም ያደናግራል። በመካከሉ አንድ የእኛ ፊደል ከገባበት ደግሞ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። ስለ ገንዘብ የሚጻፍ ነገር ሳይንተባተቡ መነበብ አለበት፤ በፊደላችን ይሁን።

የሚላክበት መንገድም አጻጻፉን ይቀይራል። ደንበኞችዎ ጥቂት ከሆኑና ቁጥርዎን መዝግበው ከያዙ ከራስዎ ስልክ መላክ ይበቃል፤ ስምዎ ይታያል፣ ደንበኛውም እዚያው ይደውላል። በጅምላ መላኪያ የሚወጣውና በቁጥር ፋንታ የድርጅት ስም የሚታይበት መልእክት ግን አብዛኛውን ጊዜ መልስ አይቀበልም። ያኔ «ይደውሉ» ማለት ብቻውን ትርጉም የለውም፤ የሱቁን አሥር አሃዝ ስልክ መጨመር ያስፈልጋል። በአንድ ክፍል እንዲያልቅ ከፈለጉ «ከፍለው ከሆነ ይደውሉ» የሚለውን ከነአራት ነጥቡ አውጥተው በቦታው ቁጥሩን ያስገቡ፤ 66 ይሆናል። ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነ ግን የሁለት ክፍል ዋጋ ከፍሎ ሁለቱንም መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ። የባንክ ሂሳብ ቁጥር በመልእክቱ ውስጥ እንዲገባ አልመክርም። ሰዎች በአጭበርባሪ መልእክት ተማርረዋል፤ ሂሳቡን ሽያጩ ሲፈጸም በደረሰኙ ላይ ይስጧቸው።

ማስታወሻው ቀጠሮው ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ይላክ። ሐሙስ አልፎ ገንዘቡ ካልገባ ያንኑ መልእክት አይድገሙት፤ ያለፈውን ቀን የሚጠራና አዲስ ቀን የሚቆርጥ ይላኩ። ይህም 70 ምልክት ነው።

«ጥቅምት 20 መከፈል የነበረበት 18,400 ብር እስካሁን አልደረሰንም። እባክዎ እስከ ሰኞ ጥቅምት 24 ይክፈሉ።»

ሰኞም ካለፈ ሦስተኛ መልእክት አይጻፉ፤ ራስዎ ይደውሉ።