በማርከር «3.5» ተብሎ የተጻፈበትን የዳያሊሲስ ቱቦ እንዳትገዙ

ባሕር ዳር ውስጥ ከፕሮቲን ጋር የምትሠሩ ሁሉ ይህን አንብቡ። ከሱቁ ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው መጻፍ የጀመርኩት፤ እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። የሱቁን ስም አልጠራም፣ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። መደርደሪያው ላይ አቧራ የጠጣ ቤከር፣ ከኋላ መጋረጃ፣ ምን ብትጠይቁ «አለ»። ከመጋረጃው ጀርባ ገባ ይልና በስስ ፌስታል ቋጥሮ ይዞላችሁ ይመጣል። ደረሰኝ ስትሉት «የላብራቶሪ ዕቃ» ብሎ ይጽፋል፣ አለቀ። በትእዛዝ የሚመጣው ዕቃ ስለሚዘገይ እያወቅን እንሄዳለን።

የምሠራው ከእንቁላል ነጭ ላይሶዛይም ማውጣት ነው። ከኮለሙ የሚወርደው በ0.5 ሞላር ጨው ስለሆነ ያን ሁሉ ጨው ይዞ ለቀጣዩ ሥራ አይሆንም፤ ዝቅተኛ ጨው ወዳለው ፎስፌት በፈር መዛወር አለበት። ለዚህ ነው ዳያሊሲሱ። ናሙናውን ቱቦው ውስጥ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፍ ታስራላችሁ፣ ትልቅ በፈር ውስጥ ትነክሩታላችሁ፣ ጨው በቀዳዳው ይወጣል፣ ፕሮቲኑ ትልቅ ስለሆነ ውስጥ ይቀራል። ይቀራል የምለው ግን ቀዳዳው ልክ ከሆነ ነው። ላይሶዛይም 14.3 ኪሎዳልተን ብቻ ነው፣ ከትንንሾቹ ፕሮቲኖች አንዱ። እዚህ አገር በየላቡ የሚገኘው ተራው ቱቦ ደግሞ ከትኦፉ፣ ማለትም ያግዳል የሚባለው መጠን፣ ከ12 እስከ 14 ኪሎዳልተን ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «14.3 ከ14 ይበልጣል፣ አያልፍም» ሊል ይችላል። ከትኦፍ ግን እንደ በር ዘግቶ የሚያስቀር ነገር አይደለም። የቱቦው ቀዳዳዎች እኩል አይደሉም፤ የተጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚነግራችሁ ያን የሚያህል ነገር ዘጠና ከመቶ ገደማ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ እንደማይወጣ ነው። የቀረው ይወጣል፣ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥርም ይበልጥ ይወጣል። ስለዚህ የቱቦው ቁጥር ከፕሮቲኑ ግማሽ በታች ይሁን ይባላል። የእኔ ግማሽ 7 ገደማ ነው። ለዚያ ነው «3.5 ኪሎዳልተን» ብዬ የጠየቅኩት፤ አንዴ አይደለም፣ ጽፌ ጭምር ሰጥቼዋለሁ።

«አለ» አለ። መጋረጃ። ፌስታል። ፌስታሉ ላይ በጥቁር ማርከር «3.5»። ዋጋው ከተራው ቱቦ በጣም ይበልጣል፣ የቤት ኪራዬን ግማሽ ያህል ነው የከፈልኩት። ስወጣ ደግሞ ምክር ጨመረልኝ፦ «ይህ ጥሩው ስለሆነ የፈለግሽውን ያህል አቆይው፣ በቆየ ቁጥር ይጠራልሻል።»

10 ሚሊ ሊትር ናሙና ነበረኝ፣ በሚሊ ሊትር 3 ሚሊግራም፣ በጠቅላላ 30 ሚሊግራም ፕሮቲን። ቱቦውን በትንሽ ሶዲየም ባይካርቦኔትና ኢዲቲኤ ቀቅዬ፣ በተጣራ ውሃ አጥቤ፣ ውሃ ሞልቼ ጫን ብዬ ቀዳዳ እንደሌለው አይቼ፣ ለሚገባው ውሃ ባዶ ቦታ ትቼ አሰርኩት። አንድ ሊትር በፈር ውስጥ ገባ፣ ከታች ስተረሩ ይሽከረከራል። መቶ እጥፍ በፈር ማለት ጨው ከ0.5 ሞላር ወደ 5 ሚሊሞላር ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ከሰዓታት በኋላ ያን ደፍቼ አዲስ አንድ ሊትር አደረግሁ፤ አሁን 0.05 ሚሊሞላር። ከዚያ በላይ ማንም አይፈልግም። ሁለተኛው ዙር ቅዳሜና እሁድን በፍሪጅ አደረ። 3.5 ቢሆን ኖሮ ማደሩ ምንም አያመጣም ነበር።

ሰኞ ከረጢቱን ፈታሁ። ናሙናው ጥርት ያለ ነው፣ ዝቃጭ የለውም፣ መጠኑም አልጎደለም። ፕሮቲን ብርሃን በሚመጥበት በ280 ናኖሜትር ላይ ስለካው ከ30 ሚሊግራም የቀረኝ 12 ገደማ ነው። ዘቅጦ ቢሆን ደመና ወይም አተላ ይታያል። ቱቦው ተበስቶ ቢሆን ስጫነው ያንጠባጥብ ነበር፤ ደግሜ ሞላሁት፣ ጫንኩት፣ ጠብታ የለም። ታዲያ ወዴት ሄደ?

ሁለተኛውን ሊትር አልደፋሁትም ነበር። 280 ላይ ለካሁት፣ አዲስ በፈር ዜሮ አድርጌ። 0.04። ይህን ቁጥር ስታዩ «ምንም የለም» ብላችሁ ነው የምትደፉት፣ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ቆጥሩት እንጂ። ላይሶዛይም በሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም ሲሆን 280 ላይ 2.6 ያህል ያነባል። 0.04 ማለት በሚሊ ሊትር 0.015 ሚሊግራም ነው። በሺህ ሚሊ ሊትር ሲባዛ 15 ሚሊግራም! የናሙናዬ ግማሽ ዓይኔ ሥር አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ተበትኖ ነበር። ውጩ ሰፊ ስለሆነ ሙሉ ኪሳራ እንደ ትንሽ ጭረት ነው የሚታየው።

አሁንም «መሣሪያው ሊሳሳት ይችላል» ለሚለኝ ሰው ሌላ ማረጋገጫ አለኝ። ላይሶዛይም የማይክሮኮከስ ባክቴሪያን ግድግዳ ይበላል። የዚህን ባክቴሪያ ዱቄት በበፈር ስትበትኑት እንደ አሬራ ውሃ ይደፈርሳል፤ ላይሶዛይም ሲገባበት ይጠራል። ከቤከሩ፣ ባዶ መሆን ከነበረበት የውጭ በፈር፣ ጥቂት ጨመርኩበት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ጠራ። ካልተነካው አዲስ በፈር የጨመርኩበት ግን እንደደፈረሰ ቀረ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

ይህን ሁሉ ይዤ ዛሬ ሱቁ ሄድኩ። ልጣላ አልሄድኩም፣ «ምናልባት ተሳስቶ ሌላ ሰጥቶኝ ይሆናል» ብዬ ነው። ደጃፉ ላይ ስደርስ ከእኔ በፊት አንድ ወጣት ቆሟል፣ «አስር ኪሎዳልተን» እያለ። መጋረጃው ዛሬ ገለጥ ብሎ ነበር። ባለሱቁ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጎንበስ አለ። መሬት ላይ አንድ ጥቅል አለ፣ አንድ ብቻ፣ ቢጫ ያለ፣ ካርቶኑ ግማሹ የተቀደደ። በመቀስ ቆረጠ። ፌስታል ውስጥ ጠቀለለ። ከኪሱ ማርከሩን አወጣ፣ ክዳኑን በጥርሱ ነቀለ፣ «10» ብሎ ጻፈ። እኔ «3.5» የተጻፈበትን ፌስታል በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ያው እጅ ጽሑፍ፣ ያው ማርከር። ካርቶኑ ላይ ደግሞ ከተቀደደው የተረፈው ጥግ ይነበባል፦ 12,000 – 14,000።

«ጋሼ፣ ይህ የእኔም ነው እንዴ?» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ፣ አልደነገጠም። «ሁሉም አንድ ፋብሪካ ነው» አለ።

ፋብሪካውን አይደለም፣ ቁጥሩን ነው የምጠይቅህ፣ ካርቶኑ ላይ ሌላ ተጽፏል ስለው ረዳቱን ጠራ። «ና እስቲ፣ ይቺ ልጅ የጠፋባት ነገር አለ።» ከዚያ ወደ እኔ፦ «ምንድን ነበር የምታጣሪው?» እንቁላል አልኩት። ሁለቱም ሳቁ። «ለእንቁላል ነጭ ነው ይህ ሁሉ ጩኸት? እንቁላል እኮ ሞልቷል፣ ሌላ ግዢ።» ወጣቱም ፈገግ አለ፤ እሱን አልቀየምኩትም፣ ምን እንደያዘ ገና አልገባውም ነበር። ገንዘቤን ስጠይቅ «አንቺ በደንብ አላሰርሽው ይሆናል» አለና ደረሰኙን አሳየኝ፣ «የላብራቶሪ ዕቃ» ይላል፣ ስለ 3.5 የሚል ቃል የለውም። ያን ጊዜ ነው ደረሰኙን ለምን እንደዚያ እንደሚጽፍ የገባኝ።

ወጣቱን ውጭ ጠብቄ አነጋገርኩት። ከጣና ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉትን የቆሮሶ ሆድ ዕቃ እየሰበሰበ ትሪፕሲን ያወጣል። ትሪፕሲን 24 ኪሎዳልተን ገደማ ነው፤ ለእሱ ከ12 እስከ 14 ያለው ቱቦ ድንበሩ ላይ ነው፣ ሰዓቱን ካላስረዘመ ይጠቅመው ይሆናል። ቱቦው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ 66 ኪሎዳልተን ለሆነ አልቡሚን እኔም ሳልጠራጠር እጠቀምበታለሁ። በደሉ ያልሆነውን ስም ለጥፎ፣ በዚያ ስም ዋጋ ማስከፈሉ ነው። ለልጁ ግን ሌላ ነገር ነገርኩት፦ የባለሱቁን «በቆየ ቁጥር ይጠራል» አትስማ። ጨው በደንብ እየተማሰለ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከውጩ ጋር እኩል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሰዓት መጨመር ጨውን አይቀንስም፣ የሚቀንሰው በፈሩን መቀየር ነው። በትርፍ ሰዓቱ የሚንቀሳቀሰው ፕሮቲኑ ብቻ ነው። ትሪፕሲን ደግሞ ራሱን ይበላል፣ በሙቀት ካቆየኸው ቱቦው ቢይዘውም እሱ አይቆይልህም። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁ ነገር እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ለምትገዙ፦ ካርቶኑን ሳታዩ አትክፈሉ፤ ከትኦፉና የሎት ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። በዓይን ወይም በመዳሰስ 3.5ን ከ14 የሚለይ ሰው የለም። ፌስታል ይዛችሁ የገባችሁ ካላችሁ ናሙናችሁን ከመክተታችሁ በፊት ቁራጭ ሞክሩ፦ 5 ሚሊ ሊትር ላይሶዛይም፣ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም፣ ውጩ 50 ሚሊ ሊትር በፈር ብቻ ይሁን፣ ያሳድሩት። ውጩ ጠባብ ስለሆነ ከወጣ በግልጽ ይታያል፤ ሁሉም እኩል ቢበተን 280 ላይ 0.24 አካባቢ ነው የሚያነበው። እውነተኛ 3.5 ከሆነ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። የውጩን በፈር ደግሞ ውስጡን ሳትለኩ አትድፉ።

የእኔ የመጀመሪያው ሊትር በሲንኩ ሄዷል። ሁለተኛው ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ ነገ መልሼ ኮለሙ ላይ ላሳልፈው ነው፣ ጨው ስለሌለው ላይሶዛይሙ ይያዛል ብዬ አስባለሁ። ያ ጥቅል ግን ገና ወፍራም ነው፣ ማርከሩም አላለቀም።