ለ«ጥያቄና መልስ ኮድ» ከመክፈላችሁ በፊት

ስለ ብስክሌት ሰንሰለት ጥገና የጻፍኩትን ጽሑፍ እንዲያሻሽልልኝ ለአንድ የድረ ገጽ ሠራተኛ ገንዘብ ከፈልኩ። ከጽሑፉ ግርጌ ጥያቄና መልስ እጨምራለሁ፣ ለፍለጋ ሞተሮች የሚሆን ኮድም አስገባለሁ፣ ከዚያ በኋላ ጉግል ላይ ከገጽህ ርዕስ ሥር ሲነኳቸው የሚከፈቱ ጥያቄዎች ይደረደራሉ አለኝ። እንደዚያ ሆኖ የወጣ ገጽ ምስልም አሳየኝ። ሥራውን ሲያስረክብ ደግሞ Rich Results Test በተባለው የጉግል መሞከሪያ ላይ የታየውን አረንጓዴ ምልክት ላከልኝ።

ሳምንታት አለፉ፤ አንድም ጥያቄ አልወጣም። ነገሩን ስመረምር ምስሉ የቆየ መሆኑ ገባኝ። ጉግል እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ይህን ማሳያ በሰፊው ለሚታወቁና ተአማኒ ለሆኑ የመንግሥትና የጤና ድረ ገጾች ብቻ ወሰነው። ለእነርሱም ቢሆን ሁልጊዜ እንደሚወጣ ዋስትና አልነበረም። የእኔ የብስክሌት ገጽ ኮዱ የቱንም ያህል የተስተካከለ ቢሆን ከዚያ ክልል ውጭ ነው። አረንጓዴው ምልክት የሚናገረው ኮዱ በትክክል መጻፉን ብቻ ነው፤ ውጤቱ ለሰው ይታያል ማለት አይደለም። ሻጩ የተጫወተብኝ በዚህ ልዩነት ነው።

የባሰው ግን ሌላ ነው። የገጹን ምንጭ ከፍቼ የዚህ ኮድ መለያ የሆነውን FAQPage የሚለውን ቃል ስፈልግ በኮዱ ውስጥ ስምንት ጥያቄዎች አገኘሁ፤ አንባቢ የሚያያቸው አምስት ናቸው። ከተደበቁት አንዱ ይህ ነበር፦

```
{"@type": "Question",
 "name": "ምርጡ ጠጋኝ ማን ነው?",
 "acceptedAnswer": {
  "@type": "Answer",
  "text": "እኛ ነን፤ ዛሬውኑ ይደውሉ!"}}
```

ይህ ሁለት ደንብ ይጥሳል። በኮዱ ያለ ጥያቄና መልስ በገጹ ላይም መታየት አለበት፤ ለማስታወቂያ መጠቀምም ክልክል ነው። እንዲህ ያለ ጥሰት በጉግል ገምጋሚዎች እጅ ሲገኝ ገጹ በማንኛውም የተለየ ማሳያ የመውጣት ዕድሉን ሊያጣ ይችላል። ለማይመጣ ጥቅም ከፍዬ አደጋ ገዛሁ ማለት ነው።

ተመሳሳይ ውል ከቀረበላችሁ፣ የመንግሥት ወይም የጤና ተቋም ያልሆነ፣ እንደ እናንተ ያለ ገጽ ዛሬ ፍለጋ ላይ ጥያቄዎቹን ይዞ ሲወጣ በፊታችሁ ያሳያችሁ። የቆየ ምስል አትቀበሉ። ኮዱ ደረጃህን ከፍ ያደርጋል ካላችሁም አትመኑት፤ ይህ ኮድ በራሱ ደረጃ አይጨምርም። ትክክል ከሆነ ግን ጉዳት ስለሌለው፣ አስቀድማችሁ ካስገባችሁት ለማስወገድ ብላችሁ ሌላ ገንዘብ አታውጡ።

አምስቱን ጥያቄዎች አልነካኋቸውም፤ ሰንሰለቱ ለምን እንደሚያመልጥ የሚጠይቀውን አንባቢዎች በእርግጥ ይፈልጉታል። ሦስቱን የተደበቁ ዛሬ ጠዋት ሰርዣቸዋለሁ። ሰውየውን ገንዘቤን መልስልኝ ብዬ ጽፌለታለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጠኝም።