የደረሰኝ ማንበቢያ አፕ ከስምንት ወር በኋላ፦ ብሩ ልክ፣ ዕቃው ስህተት

የግዢ ደረሰኝ በስልክ ፎቶ ይነሳል፣ አፑ እያንዳንዱን ዕቃ በየመስመሩ አውጥቶ ወደ ኤክሴል ይልካል። ለካፌና ለእንግዳ ማረፊያ የጽዳትና የኩሽና ግዢ ስምንት ወር ስጠቀምበት ወጪውን አንድም ወር አሳስቶብኝ አያውቅም። የዕቃ ክምችቱን ግን በየወሩ ያበላሸዋል። የሚያናድደው ደግሞ የሁለተኛው ስህተት መደበቂያ የመጀመሪያው ልክነት መሆኑ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከአገራችን የሽያጭ ማሽን ደረሰኝ አሠራር ነው። ከአንድ በላይ ዕቃ ሲገዛ ብዛቱና የአንዱ ዋጋ ለብቻቸው በአንድ መስመር ይታተሙና የዕቃው ስም ከነጠቅላላ ዋጋው ከሥር ይመጣል። አንድ ብቻ ከተገዛ የብዛት መስመር የለም። ሦስት ዕቃ ያለበት ደረሰኝ ይህን ይመስላል፦

```
3 x *280.00
BEREKINA 5L      *840.00
LIQ SOAP 5L      *650.00
12 x *95.00
SOFT 10PCS     *1,140.00
TXBL1          *2,630.00
TAX1 15.00%      *394.50
TOTAL          *3,024.50
```

አፑ የብዛት መስመርን የሚያያይዘው ከሥሩ ካለው ስም ጋር ሳይሆን ከላዩ ካለው ጋር ነው። በሌላ አገር ብዙ ደረሰኞች ላይ ብዛቱ ከስሙ ግርጌ ስለሚጻፍ ለዚያ የተሠራ ይመስላል። እዚህ ደረሰኝ ላይ የመጀመሪያው "3" ከላዩ ስም ስለሌለ ይጠፋል፤ "12" ደግሞ ፈሳሽ ሳሙናው ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ሠንጠረዡ አንድ በረኪና፣ አሥራ ሁለት ፈሳሽ ሳሙና፣ አንድ እሽግ ሶፍት ይላል። በመጋዘን ያለው 15 ሊትር በረኪና ነው፣ ሠንጠረዡ 5 ይላል። ሳሙናው 5 ሊትር ነው፣ ሠንጠረዡ 60 ይላል። 120 ጥቅል ሶፍት ደግሞ 10 ሆኗል።

ብሩ ግን አልተነካም። 840፣ 650 እና 1,140 ከየስማቸው ጋር አንድ መስመር ላይ ስላሉ በትክክል ይነበባሉ፤ ሲደመሩ 2,630 ይሆናሉ፤ ቫት ሳይጨመር ካለው ድምር ከ TXBL1 ጋር ይገጥማሉ፤ አፑም አረንጓዴ ምልክት ያደርጋል። ሻጮቹ "ከመቶ ይህን ያህል በትክክል ያነባል" ሲሉ የሚቆጥሩት ፊደልና ቁጥር ነው። እዚህ ላይ አንድም ፊደል አልተሳተም። የተሳተው የትኛው ቁጥር የየትኛው ዕቃ ነው የሚለው ነው፣ መቶኛቸው ደግሞ ይህን አይለካም።

"ብዛት ሲባዛ በነጠላ ዋጋ ከጠቅላላው ጋር ይገጥም እንደሆነ አረጋግጥ" የሚል ምክር የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ከወረቀት በእጅ ለሚገለብጥ ሰው ጥሩ ምክር ነው። ይህ አፕ ግን ነጠላ ዋጋውን ከወረቀቱ አያነበውም፤ ጠቅላላውን ለብዛቱ አካፍሎ ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ብዛቱ ቢሳሳትም ማባዛቱ ሁልጊዜ ይገጥማል። ሳሙናው 650 ለ12 ተካፍሎ 54.17 ብር ተብሎ ተጽፏል። ሰው አምስት ሊትር ሳሙና 54 ብር ከ17 ሳንቲም ብሎ አይሸጥም። እንዲህ ያለ ያልተስተካከለ ሳንቲም ስታዩ ወረቀቱን አውጡ።

ሳንቲም በዓይን ማደን ግን ያደክማል። የሚሠራው ማጣሪያ ነጠላ ዋጋውን ካለፈው ግዢ ጋር ማነጻጸር ነው። Prices የሚባል ገጽ ላይ በ A ስም፣ በ B የመጨረሻው ነጠላ ዋጋ ይያዝ። በዋናው ሠንጠረዥ C የዕቃው ስም፣ E ነጠላ ዋጋ ከሆነ፦

```
=IF(ABS(E2/VLOOKUP(C2,Prices!A:B,2,FALSE)-1)>0.3,"ይታይ","")
```

ከላይ ባለው ደረሰኝ ሦስቱም ይያዛሉ፤ በረኪና ከ280 ወደ 840 ዘሏል፣ ሳሙና ከ650 ወደ 54.17 ወርዷል፣ ሶፍት ከ95 ወደ 1,140 ወጥቷል። እውነተኛ የዋጋ ጭማሪም አንዳንዴ "ይታይ" ያስብላል፤ አንድ ጊዜ ወረቀቱን ማየት ነውና አይጎዳም። ማጣሪያው የሚያመልጠው አለ። ሁሉም ዕቃ የብዛት መስመር ካለው እያንዳንዱ የጎረቤቱን ብዛት ይወስዳል፤ ሦስት የነበረው አራት ከሆነ ዋጋው የሚወርደው በሩብ ብቻ ስለሆነ ከ0.3 በታች ሆኖ ያልፋል። ልኩን ወደ 0.2 ማውረድ ይቻላል፣ ግን የዋጋ ጭማሪው ሁሉ ይጮህና ሰው ማየቱን ይተዋል። እኔ 0.3 ላይ ትቼ የቀረውን በሳንቲሙ እይዛለሁ።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው ምድብ ነው፤ ይህ ግን አንዴ ከተስተካከለ ያርፋል። አፑ ከስሙ ተነስቶ ይመድባልና SOFT የሚለውን ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ይከተዋል፤ BEREKINA ን ስለማያውቀው "ሌላ" ውስጥ ይጥለዋል። የአፑን ምድብ ዝጉትና የራሳችሁን የስም መዝገብ ሥሩ፤ በደረሰኙ ላይ ያለው ስም፣ የእናንተ ስም፣ ምድቡ፣ በአንድ እሽግ ያለው መጠን። SOFT 10PCS እና SOFT 10'S ሁለቱም "ሶፍት፣ ጽዳት፣ 10" ይሆናሉ። የመጨረሻው ዓምድ ከሌለ "12" እሽግ ይሁን ጥቅል አይታወቅም። የእያንዳንዱ ሱቅ ማሽን ስሙን በራሱ መንገድ ስለሚያሳጥረው መዝገቡ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ያድጋል፣ ከዚያ አዲስ ስም እምብዛም አይመጣም።

በነዚህ ደረሰኞች የመስመሩ ዋጋ ቫት ያልገባበት መሆኑንም አትርሱ። የከፈለውን ቫት የሚያቀናንስ ድርጅት ሶፍቱን በ95 ይመዝግብ፤ የማያቀናንስ በ1.15 አባዝቶ በ109.25 ይመዝግብ። አለበለዚያ የምድቦቹ ድምር 2,630 ላይ ቆሞ ከኪስ የወጣው 3,024.50 ይሆንና 394.50 ብር የት እንደገባ ሲፈለግ ይዋላል።

ፎቶው ላይ ብዙ የምለው የለኝም። በተገዛበት ቀን፣ ጠቆር ባለ ጠረጴዛ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ከላይ ይነሳ። ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ፀሐይ ላይ ወይም ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ሲቆይ ይደበዝዛል። ከደበዘዘ በኋላ መጀመሪያ የሚሳተው ከዋጋው ፊት ያለችው ኮከብ ናት፤ እንደ አኃዝ ትነበብና 650 ብር 4,650 ይሆናል። ይህኛውን ድምሩ ራሱ ያጋልጠዋል። ረጅም ደረሰኝ በሁለት ፎቶ ሲነሳ ሁለት ሦስት መስመር ይደራረብ፣ ከዚያ ድርብ የገባው በደረሰኙ ቁጥር በ FS No. ተፈልጎ ይሰረዝ።

ወጪን በምድብ ማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህን አፕ ያለ ማመንታት ግዛ እለዋለሁ። ለመጋዘን ብሎ ለሚገዛ ግን አሁን ባለበት ሁኔታ አልመክርም፤ እኔም ለመጋዘን ብዬ መግዛቴ ይቆጨኛል። የሚጎድለው ትልቅ ነገር አይደለም፤ "ብዛት ከስሙ በላይ ነው" የምትል አንዲት ምርጫ፣ እና ነጠላ ዋጋውን አካፍሎ ከመሙላት ይልቅ ወረቀቱ ላይ ያለውን 95.00 ማንበብ። የዓመቱ ክፍያ ሊያልቅ አራት ወር ቀርቶታል፤ እነዚህ ሁለቱ እስከዚያ ካልመጡ አላድስም፣ ብዛቱንም በእጄ እጽፋለሁ።