በአንድ ቁጥር ማባዛት ወይስ ሰዓት በሰዓት መደመር?

ታይዋን ገበያ ሱቅ ያለውን ድሬዳዋዊ እንውሰድ። ሰውነቱ በእረፍት በቀን 1500 ካሎሪ ያቃጥላል ብሎ አንድ ፎርሙላ ገምቷል። እንቅስቃሴው ሲጨመር የቀን የካሎሪ ወጪውስ ስንት ነው?

ቀላሉ መንገድ ከሰንጠረዥ አንድ ማባዣ መምረጥ ነው። «ቀላል እንቅስቃሴ» 1.375 ነው፣ 2063 ይሰጣል። «መካከለኛ» 1.55 ነው፣ 2325 ይሰጣል። ሰውየው ማታ ማታ አንድ ሰዓት ስለሚራመድ «መካከለኛ» ይላል። ግን የቀትሩን ሙቀት ጋደም ብሎ እንደሚያሳልፈው፣ ሱቁም ውስጥ ተቀምጦ እንደሚውል ማን ይቁጠርለት?

ሁለተኛው መንገድ ይቆጥርለታል፤ እያንዳንዱን ሰዓት ከእረፍቱ ስንት እጥፍ እንደሚያቃጥል አባዝቶ ይደምራል። እንቅልፍና ጋደም ማለት 8 ሰዓት በ1፣ መቀመጥ 12 ሰዓት በ1.4፣ ጉድ ጉድ 3 ሰዓት በ2.3፣ እርምጃ 1 ሰዓት በ3.2። ድምሩ 34.9 ነው፤ ለ24 ሲካፈል 1.45 ገደማ። ወጪው 2180 አካባቢ ሆነ።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ሰዓቱ በትዝታ ሳይሆን በዕለቱ ከተጻፈ። ሆኖም ሁለቱም አንድ ጉድለት ይጋራሉ። የመነሻው 1500 በ150 ቢሳሳት፣ ስህተቱም አብሮ ይባዛል፤ በ1.45 ወደ 218 ይደርሳል። ስለዚህ 2180 እየበላ ለሳምንታት ክብደቱ ያለማቋረጥ ከጨመረ፣ ሚዛኑን ይመንና ቁጥሩን ዝቅ ያድርግ።