ሬስቶራንት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ የሚሰጧችሁን ወረቀት እንደወረደ እንዳታምኑት

ሰላም ጓዶች፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚሸጥ የሀበሻ ሬስቶራንት ልገዛ ብዬ 10,000 ዶላር ቀብድ ከከፈልኩ በኋላ ለጥቂት ነው የተረፍኩት፣ ሌላ ሰው እንዳይገባበት ብዬ ነው የምጽፈው። የቤቱን ስም አልጠራም፣ ሰዎቹም ሌባ ናቸው አልልም፣ ወረቀታቸው ግን ሰው ይበላል።

ዋጋው 280,000 ነው ተባልኩ። ብሮከሩ የላከልኝ አንድ ገጽ ፕሮፊት ኤንድ ሎስ ነው፣ የወር አማካይ ተብሎ። ሽያጭ 60,000፣ የምግብና መጠጥ ግዢ 18,000፣ ደሞዝ 12,000፣ ኪራይ 5,500፣ ልዩ ልዩ 8,500፣ ትርፍ 16,000። በዓመት 192,000 መሆኑ ነው፣ በዓመት ተኩል ገንዘቤን መለስኩ ማለት ነው ብዬ ያን ቀን እንቅልፍም አልወሰደኝ።

ብዙ ዓመት ሬስቶራንት ያስተዳደረ ጓደኛዬ ወረቀቱን ሲያየው ትርፉን ዞር ብሎም አላየውም። ግዢውንና ደሞዙን ደመረና «ፕራይም ኮስቱ 50 ፐርሰንት? ይሄ ቤት ማን ነው የሚሰራበት?» አለኝ።

ፕራይም ኮስት ማለት ለምግብና ለመጠጥ የወጣው እና ለሰራተኛ የወጣው ሲደመር ነው፣ ደሞዙ ብቻ ሳይሆን አሰሪው የሚከፍለው ፔይሮል ታክስም ኢንሹራንስም ካለ እሱም። አስተናጋጅ ያለው ቤት ላይ ብዙውን ጊዜ ከሽያጩ ከ60 እስከ 65 ፐርሰንት ይወስዳል ይባላል። ከዛ በጣም ካነሰ ወይ ጎበዝ ቤት ነው ወይ ደሞ አንድ ነገር ሳይጻፍ ቀርቷል፣ ጓደኛዬ እንደሚለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ለብቻው የሚታየውም ባለቤቱ በየቀኑ ሊቆጣጠረው የሚችለው እሱን ስለሆነ ነው። ኪራይ ግን ሰው ገባም አልገባም ያው ነው፣ መብራት ኢንሹራንስ ጥገና ምናምን ደሞ ሌላ ክፍል ነው። ሶስቱን ካልለያችሁ ቤቱ የት ጋ እንደሚደማ አታውቁም።

እኔም ማክሰኞ ጠዋት ሳይከፈት ሄድኩ። ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ናቸው፣ ሴትየዋ ኪችን ውስጥ ሽንኩርት እያቁላላች ነው፣ ቡና አፍልታ ሰጠችኝ፣ ጨዋታ ጀመርን። «እዚህ ዋናዋ ሼፍ አንቺ ነሽ?» ብላት «አዎ፣ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሱ ደሞ ባሩንና ካሸሩን ይዟል» አለችኝ። ደሞዝሽ ስንት ነው ብዬ ስቀልድ ሳቀችብኝ፣ «እኔ ምን ደሞዝ አለኝ፣ የራሴ ቤት አይደል!» እኔ ግን እዛው ቀዘቀዝኩ። ሳምንት ሙሉ የሚሰሩ ሁለት ሰዎች ወረቀቱ ላይ የሉም። ለሷ ቦታ ኩክ ብቀጥር 4,000፣ ለሱ ቦታ 3,500፣ ይሄ በርካሹ ነው።

ትንሽ ቆየና የጀርባው በር ተንኳኳ፣ አንዲት እናት እንጀራ በትልልቅ ፌስታል ተሸክመው ገቡ፣ ባልየው ከኪሱ 600 ዶላር ቆጥሮ ሰጣቸው፣ ደረሰኝ የለ ምን የለ። በየሳምንቱ ነው ወይ ስለው አዎ አለኝ። በወር 2,400 ነው፣ 18,000ው ውስጥ ግን የለም፣ ምክንያቱም እዛ የገባው ኢንቮይስ ያለው ብቻ ነው። ሌላም ነገር አለ፣ የምግብ ወጪ የሚባለው የተገዛው ሳይሆን ያለቀው ነው፣ ወሩ ሲጀምር የነበረው ስቶክ፣ ሲደመር የተገዛው፣ ሲቀነስ ወሩ ሲያልቅ የቀረው። እነሱ ስቶክ ቆጥረው አያውቁም።

ከዛ የሽያጩን ሪፖርት ሽያጭ ከሚመዘገብበት ማሽን፣ ከፒኦኤሱ ላይ አስወጣሁ። 60,000 ያሉት ከደንበኛ የተሰበሰበውን ሴልስ ታክስ ጨምሮ ነው። ሜሪላንድ ምግብ ላይ 6፣ አልኮል ላይ 9 ፐርሰንት አለ፣ ያ ብር የስቴቱ ነው፣ የቤቱ አይደለም። 3,500 አካባቢ ሲወጣ እውነተኛው ሽያጭ 56,500 ነው። (በካርድ የሚገባ ቲፕም ሽያጭ ላይ ተደምሮ ይገኛል፣ እዚህ አልነበረም እንጂ እሱንም እዩ።)

«ልዩ ልዩ» የምትለዋን ደሞ ዝርዝሯን ስጠኝ ብዬ ብሮከሩን ሶስት ቀን ለመንኩት። ከ8,500ው ውስጥ 900ው ፔይሮል ታክስ ነው፣ ቦታው ደሞዝ ጋ ነበር። 1,600ው ደሞ ሊዙ ትሪፕል ኔት ስለሆነ ለአከራዩ የሚከፈል የንብረት ታክስ፣ የህንጻ ኢንሹራንስና የጋራ ቦታ ጥገና ነው፣ ማለትም ኪራይ ነው። ስለዚህ ኪራዩ 5,500 ሳይሆን 7,100 ነው። ሰዎቹ ኪራዩ 9 ፐርሰንት ነው እያሉኝ ነበር፣ በትክክለኛው ሽያጭ ሲሰላ ከ12 ተኩል ያልፋል፣ ለሬስቶራንት ደሞ ከ10 ካለፈ ከባድ ነው። ሊዙ ላይ የቀረው 14 ወር ብቻ ነው፣ የማራዘም መብትም የተጻፈ ነገር የለም።

በሉ አብረን እናስላው። ምግብና መጠጥ ከነእንጀራው 20,400። ደሞዝ 12,000 እና የሁለቱ 7,500፣ 19,500 ይሆናል፣ አሰሪው የሚከፍለው 7.65 ፐርሰንት ሲጨመር 21,000። ፕራይም ኮስቱ 41,400 ሆነ፣ ከሽያጩ 73 ፐርሰንት ማለት ነው፣ ያ 50 የተባለው! ኪራይ 7,100፣ ሌላው እውነተኛ ኦቨርሄድ 6,000። ጠቅላላ ወጪ 54,500፣ የሚተርፈው 2,000 ነው። 16,000ው 2,000 ሆነ። እኔ ደሞ 200,000ውን በብድር ነበር የማመጣው፣ በ10 ፐርሰንት ለ10 ዓመት ቢሆን በወር ከ2,600 በላይ ክፍያ አለው።

ይሄን ለብሮከሩ ስነግረው «አንተም ሚስትህም ግቡበት፣ 7,500ው ለናንተ ይቀራል» አለኝ። ልክ ነው ይቀራል፣ ግን እሱ የጉልበታችን ዋጋ ነው፣ ሌላ ቤት ተቀጥረን ብንሰራ ያለ 280,000 እናገኘዋለን። ለምን በዛ ላይ ዋጋ ይቆለልብኛል? ሚስቴ ደሞ ነርስ ናት፣ ወጥ እንድትሰራልኝ ስራዋን ልታስለቅቃት ነው እንዴ አልኩት።

ሌላው የሚመጣባችሁ ነገር «ለታክስ ያልተመዘገበ ካሽ አለ» የሚለው ነው። ለመንግስት የለም ያሉትን ለእናንተ አለ ብለው ሲሸጡላችሁ ዋጋ እንዳትከፍሉበት። ብዙ ስቴት ላይ ደሞ ሻጩ ያልከፈለው ሴልስ ታክስ ገዢው ላይ ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ከስቴቱ የታክስ ክሊራንስ ይምጣ በሉ። ወረቀቱን ከፒኦኤሱ፣ ከ12 ወር የባንክ ስቴትመንትና ከሴልስ ታክስ ፋይሊንጉ ጋር አስተያዩት፣ የኢንካም ታክሱን ደሞ ሻጩ ፎርም 4506-C ፈርሞላችሁ በአበዳሪያችሁ በኩል ቀጥታ ከአይአርኤስ ይምጣ። አልፈርምም ካለ እዛው ተሰናበቱት።

የኔ ቀብድ ተመልሷል፣ ውሉ ላይ ሂሳቡን አይቼ ካልተስማማኝ እወጣለሁ የሚል መስመር ጠበቃዬ አስገብታልኝ ስለነበር ነው፣ ለሷ የከፈልኩት 900 ብቻ ነው የሄደው። ቤቱ ባለፈው ሳምንት በ265,000 ድጋሚ ወጥቷል፣ ወረቀቱን ጓደኛዬ በሌላ ስም ጠይቆ አስልኮት ነበር፣ ያው ነው፣ ሽያጭ 60,000፣ ልዩ ልዩ 8,500።