ሞደማችሁ ቀይ ካበራ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት (ለአቶቴው ልጅ ምስጋና)

ሀዋሳ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ዛሬ አንድ ልጅ ላመሰግንላችሁ ነው። አቶቴ አካባቢ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ይጠግናል። ስሜ አይጻፍ ብሎኛል። ስልኩን ግን ለፈለገ ሰው በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ ፈቅዶልኛል።

እንጀራዬ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ "ኔትወርክ የለም?" ይልና ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ቤቱ ቀለም በተቀባ ማግስት የፋይበሩ ሞደም ላይ LOS የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ስልኬ ላይ ዋይፋዩ ሙሉ ነው፤ ግን አንድም ነገር አይከፍትም።

መጀመሪያ የመጣው ሰውዬ ሞደሙን አገላብጦ አየና "ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዢ" አለኝ። አዲሱም እሱ ጋ አለ፣ እንዴት ያለ አጋጣሚ! ሁለተኛው ደግሞ ምንም ሳይጠይቅ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖ ያዘ። "አሁን ይሠራል" አለ፣ ሂሳቡን ተቀበለ፣ ሄደ። ቀዩ መብራት እዚያው ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ አንዳቸውም ገመዱን ዞር ብለው አለማየታቸው ነው።

ለአቶቴው ልጅ ስደውል ልምጣ አላለም። "እናቴ፣ ዝም ብለው ሂሳብ እንዳይከፍሉኝ፣ መጀመሪያ መብራቶቹን ያንብቡልኝ" አለኝ። POWER አረንጓዴ፣ ከመስመሩ ጋር መገናኘቱን የሚያሳየው PON ጠፍቷል፣ LOS ቀይ። "እንግዲያው ሞደሙ ነፍስ አለው። ብርሃኑ ነው እሱ ጋ ያልደረሰው" አለ። ዋይፋይ ማለት ከሞደሙ እስከ ስልኬ ያለው ብቻ ነው አለኝ፤ ለዚያ ነው ሙሉ ሆኖ የሚሸውደን።

ቀጥሎ ጎረቤት አስጠየቀኝ። በአካባቢው ፋይበር ያለው ሁሉ ቀይ ከሆነበት ችግሩ ውጭ መስመር ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ መነካካት ዋጋ የለውም፣ ደውሎ ማስመዝገብ ነው። የጎረቤቴ ይሠራል። "በሉ ቀጭኗን ገመድ ከሞደሙ ጀምረው እስከ ግድግዳው ይከተሏት" አለኝ።

ተከተልኳት። ቀለም ቀቢው ገመዷን ሰብስቦ፣ ሚስማር ላይ ጠምዝዞ፣ በላዩ ላይ በክር ጥፍር አድርጎ አስሯታል! ውስጧ ያለው እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው። አጥብቀው ካጠፉት ባይሰበር እንኳ ብርሃኑ እጥፋቱ ላይ ያመልጣል። ክሩን ፈታሁ። ጥቅሉን የሻይ ሳህን ያህል አስፍቼ እንድተወው ነገረኝ።

ከዚያ ሞደሙን አጥፍቼ አረንጓዴዋን መሰኪያ ነቅዬ መለስኳት፤ ቀጭ ስትል ገብታለች ማለት ነው። ጫፏን በጣት መንካት፣ በልብስ መጥረግ የለም። በተለይ ደግሞ ጫፏን ወደ ዓይን አዙሮ ማየት ክልክል ነው፤ ብርሃኑ አይታይም እንጂ ዓይን ይጎዳል። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ እንደ አባት ሆነ፣ ገና ልጅ እኮ ነው!

አብርቼ ጥቂት ደቂቃ ጠበቅኩ። ቀዩ ጠፋ። PON ብልጭ ድርግም አለና ረጋ። እልል ልል ስል ኢንተርኔቱ አሁንም የለም። ያኔ ነው የመርፌው ሰውዬ ጉድ የወጣው። ያቺ ቀዳዳ ለካ የሪሴት ናት፤ ሞደሙ ላይ የተሞላውን የመስመሬን አካውንት ጠርጋ አጥፍታዋለች። ቀይ መብራትን ደግሞ ጭራሽ አታድንም፤ ብርሃን ከሌለ ማስተካከያ ምን ያደርጋል? የቀረውን ቴክኒክ ነገር አብራርቶልኝ ነበር፣ አልገባኝም፣ አልዋሽም።

ለአቅራቢው ስደውል የምለውን እንኳ አስጠናኝ፦ "LOS ጠፍቷል፣ PON ረግቷል፣ ግን ሞደሙ ሪሴት ስለተደረገ አካውንቱ ጠፍቷል።" እንዲህ ስላቸው አጥፍተሽ አብሪ፣ ምናምን ሳይሉኝ ቀጥታ አካውንቱን አስሞሉኝ።

ገመዷ ተሰብራ ቢሆን ኖሮ በፕላስተር መጠቅለል አይረዳም ነበር። መስታወቱን የሚያጋጥም ማሽን ይዞ የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ መደወል ነው።

ሂሳብ ስለው "ቤትዎ መቼ መጣሁ?" ብሎ ሳቀብኝ። እሺ አላለም፣ ለምኜውም አልተቀበለኝም። እባካችሁ የተበላሸ ኮምፒውተር፣ ወረቀት የሚያኝክ ፕሪንተር ያላችሁ ለዚህ ልጅ ሥራ ስጡት። ሥራውን ያውቃል፣ ደግሞም የማያስፈልጋችሁን አያስገዛችሁም። ጻፉልኝና ስልኩን ልላክ። ጠዋት ትምህርት ስላለው ከሰዓት በኋላ ደውሉ።